ሁለት ፒንና አንድ የማይነካ ጥግ

የዳቭቴል ቦይ ከአፉ ጠበብ፣ ከግርጌው ሰፋ ብሎ በብረት ውስጥ የሚቆረጥ መንገድ ነው። ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስላዘነበሉ፣ በልኩ የተሠራ ተንሸራታች ከጫፍ ይገባል እንጂ ወደ ላይ ተነቅሎ አይወጣም። በቶርኖ ማሽን ላይ መቁረጫውን ተሸክሞ የሚመላለሰው ክፍል፣ የሚሊንግ ማሽን ጠረጴዛ፣ የብዙ መሣሪያዎች ማስተካከያ ሁሉ በዚህ ዓይነት ቦይ ላይ ይሄዳል። ስሙ የርግብ ጅራት ማለት ነው፤ ቦዩን ከጫፉ ላየው ሰው የተዘረጋ ጅራት ይመስላል።

ይህ ቅርጽ ሲቆረጥም ሲለካም ያስቸግራል፤ መለካቱ ግን ይብሳል። ንድፉ ላይ “የአፉ ወርድ 46 ሚሊሜትር” ተብሎ ሲጻፍ፣ ቁጥሩ የሚያመለክተው የቦዩ ጎንና የብረቱ የላይኛው ፊት የሚገናኙበትን ስለታም መስመር ነው። ይህ መስመር በተሠራ ዕቃ ላይ አይገኝም። ስለት ሆኖ የቀረ ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ ሠራተኛው በሞረድ ይሰብረዋል፤ ባይሰብረውም ከመቁረጫው የተረፈ ቅጥልጣይ ይኖርበታል። ጠርዙ በእያንዳንዱ ጎን 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ አፉ ላይ የተያዘ ካሊፐር 0.4 ሚሊሜትር አስፍቶ ያነባል። የግርጌው ጥግ ደግሞ ጨርሶ አይደረስበትም። የካሊፐር ጥርስ ካዘነበለው ጎን ሥር መግባት አይችልም፤ ቢገባም የመቁረጫው ጫፍ ትንሽ ክብነት ስላለው ጥጉ ራሱ የለም፤ ወይም ሆን ተብሎ ጎድጎድ ተደርጓል። ንድፉ ወርዱን የሚናገረው በሌሉ ነጥቦች መካከል ነው።

መፍትሔው በጥጉ ውስጥ ሌላ ነገር ማስገባት ነው። ዲያሜትሩ በትክክል የታወቀ ክብ ፒን በእያንዳንዱ ጥግ ይተኛል፤ አንዱ ጎኑ ግርጌውን፣ ሌላው ያዘነበለውን ጎን ይነካል። ጥጉን ራሱን ሳይነካ፣ ጥጉን የሠሩትን ሁለት ፊቶች ይነካል። ከዚያ በሁለቱ ፒኖች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ይለካና በሒሳብ ወደ ንድፉ ቁጥር ይመለሳል።

በአንድ የመለዋወጫ ወርክሾፕ ውስጥ የነበረ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የአንድ አሮጌ ቶርኖ ተንሸራታች ክፍል ተሰንጥቆ አዲስ ከካስት አይረን እየተሠራለት ነው። ንድፉ የሚለው የአፉ ወርድ ከ46.00 እስከ 46.05፣ ጥልቀቱ ከ10.00 እስከ 10.05፣ የጎኑ ማዕዘን ከግርጌው 60 ዲግሪ፣ ርዝመቱ 120 ሚሊሜትር ነው። ባለሙያው ዕቃውን በሚሊንግ ማሽኑ ላይ አስሮ፣ መሀሉን በቀጥተኛ መቁረጫ ከፍቶ፣ አሁን በዳቭቴል መቁረጫ ጎኖቹን እየወሰደ ነው። አንዱን ጎን ጨርሷል። ሌላውን ቀስ በቀስ እየገፋ ወደ ልኩ ማድረስ ይቀረዋል፤ በዚህ ዓይነት ሥራ የሚበላሸው ነገር ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሲቀር መልሶ መቁረጥ ይቻላል፤ በዝቶ የተወሰደው ግን አይመለስም።

ፒኖቹ 6 ሚሊሜትር ናቸው። ለምን 6 ሆነ? ሁለት ነገሮች ይወስናሉ። አንደኛ፣ ፒኑ ጎኑን መንካት ያለበት በቦዩ ጥልቀት ውስጥ ነው። በ60 ዲግሪ ቦይ ፒን ጎኑን የሚነካው ከግርጌው የዲያሜትሩን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ለ6 ሚሊሜትር ፒን 4.5 ሚሊሜትር ላይ፣ ማለት ከጎኑ መሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ። ይህ ከጠርዙ ቅጥልጣይም ከጥጉ ክብነትም የራቀ ንጹሕ ቦታ ነው። ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፒኑ በጣም ቀጭን ከሆነ ካዘነበለው ጎን ሥር ይሸሸግና፣ በፒኖቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከአፉ ይሰፋል። በዚህ ቦይ ላይ 4 ሚሊሜትር ፒን ቢገባ በመካከል የሚቀረው ወደ 46.6 ይሆናል፤ አፉ ግን 46 ነው። ከላይ የሚገባው የካሊፐር ጥርስ ፒኑን ሳይነካ የአፉን ጠርዝ ይነካና የማይረባ ቁጥር ይሰጣል። 6 ሚሊሜትር ሲሆን የሚቀረው 41 ገደማ ስለሆነ ጥርሱ በነፃነት ወርዶ ፒኖቹን ያገኛል።

የሒሳቡ መነሻ አንድ ሦስት ማዕዘን ነው። ፒኑ ግርጌውንና ጎኑን እኩል ስለሚነካ፣ መሀል ነጥቡ የጥጉን ማዕዘን ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ይወድቃል። ጥጉ 60 ዲግሪ ከሆነ ያ መስመር ከግርጌው 30 ዲግሪ ይነሳል። የፒኑ መሀል ከግርጌው የሬዲየሱን ያህል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከጥጉ በግርጌው ላይ ያለው ርቀት ሬዲየሱ ለታንጀንት 30 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከመሀሉ እስከ ፒኑ የውስጥ ፊት ደግሞ አንድ ሬዲየስ ይጨመራል። በሁለቱም በኩል እንዲሁ ነው። ሁለት ሬዲየስ አንድ ዲያሜትር ስለሆነ፣ ከግርጌው ወርድ የሚቀነሰው ጠቅላላ መጠን ዲያሜትሩ በአንድ ቁጥር የተባዛ ነው፤ ቁጥሩም 1 እና 1 ለታንጀንት 30 ሲካፈል የሚገኘው ድምር ነው፣ ለ60 ዲግሪ 2.73205 ይሆናል። ለ55 ዲግሪ 2.92098፣ ለ45 ዲግሪ 3.41421 ነው። አንዳንድ ንድፍ ማዕዘኑን ከግርጌው ሳይሆን ከቁመቱ ይለካል፤ 30 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈ ቦይ ያው 60 ሊሆን ይችላልና ቁጥሩን ከማስገባት በፊት ሥዕሉን ማየት ይገባል።

ግርጌው ከታወቀ አፉን ማግኘት ቀላል ነው። ጎኑ ወደ ውስጥ ስላዘነበለ አፉ ከግርጌው በእያንዳንዱ ጎን ጥልቀቱ ለታንጀንት 60 ሲካፈል በሚገኘው ይጠባል። ሁለቱን ስሌቶች አንድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ M በፒኖቹ መካከል የተነበበው፣ d የፒኑ ዲያሜትር፣ h ጥልቀቱ፣ a ማዕዘኑ፣ W የአፉ ወርድ ነው፦

```
W = M + d*(1 + 1/tan(a/2)) - 2*h/tan(a)
```

ለዚህ ሥራ ቁጥሮቹ ሲገቡ፣ 6 በ2.73205 ሲባዛ 16.392፣ ሁለት ጊዜ 10 ለታንጀንት 60 ሲካፈል 11.547 ነው። ስለዚህ ከንባቡ ላይ 16.392 ተጨምሮ 11.547 ይቀነሳል። ባለሙያው ይህን ገልብጦ በወረቀት ጠርዝ ላይ አስፍሮታል፦ አፉ 46.00 እንዲሆን በፒኖቹ መካከል 41.155፣ 46.05 እንዲሆን 41.205 መነበብ አለበት። የንባቡና የወርዱ ልዩነት አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ ንድፉ የፈቀደው 0.05 በንባቡም ላይ 0.05 ሆኖ ይቆያል። ማሽኑ ላይም ይህ ይጠቅማል፦ አንዱ ጎን ብቻ ሲቆረጥ ጠረጴዛው የሄደው ልክ ንባቡ የሚጨምረው ልክ ነው።

የመጀመሪያው ንባብ 40.62 ሆነ። የሚቀረው ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ 0.46 ያህል ተወስዶ እንደገና ተለካ፤ 41.08። ወደ ንድፉ ሲመለስ አፉ 45.925 ነው፣ ገና ጠባብ። ባለሙያው 0.09 ብቻ ገፍቶ አንድ ቀጭን ቁርጥ ወሰደ። ቀጣዩ ንባብ 41.17 ሲሆን አጠገቡ የቆመው ተለማማጅ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ።

“ጋሼ፣ ገባ እኮ!”

“ጥልቀቱን ለካኸው?” አለው ባለሙያው።

አልተለካም ነበር። ተለማማጁ ጥልቀቱ ወርዱን የሚቀይር ስላልመሰለው፣ የንድፉን 10 እንዳለ ወስዶታል። የጥልቀት መለኪያው ሲገባ 10.03 አነበበ፤ ንድፉ ከሚፈቅደው ውስጥ ነው፣ ስሕተትም አይደለም። ነገር ግን አፉ የሚገኘው ከግርጌው ተነስቶ ስለሆነ፣ ግርጌው 0.03 ሲወርድ የላይኛው ጠርዝ ከፒኑ ያን ያህል ይርቃል፤ ጎኑም ወደ ውስጥ እንዳዘነበለ ስለሚቀጥል አፉ ይጠባል። የሚቀነሰው 11.547 ወደ 11.582 ያድጋል። 41.17 ላይ 16.392 ተጨምሮ 11.582 ሲቀነስ 45.980 ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ልክ 0.02 የጎደለ። ገባ የተባለው ቦይ አልገባም። በእውነተኛው ጥልቀት ትክክለኛው ንባብ ከ41.190 እስከ 41.240 ነው። ሌላ 0.04 ተወሰደና ንባቡ 41.21 ሆነ፤ አፉ 46.02።

ንድፉ የግርጌውን ወርድ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ጥልቀቱ በስሌቱ ውስጥ አይገባም ነበር። የአፉን ወርድ የሚሰጥ ንድፍ ሁሉ ግን ሁለተኛ መለኪያን በውስጡ ይዟል፤ ጥልቀቱ 0.1 በተለወጠ ቁጥር አፉ 0.115 ይለወጣል።

ንባቡ ራሱ የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ግን የሚያሳስቱት በተለያየ አቅጣጫ ነው። ካስት አይረን ሲቆረጥ የሚሰጠው ረጅም ጥቅል ሳይሆን ጥቁር ዱቄት ነው፤ ዱቄቱም በጥጉ ውስጥ ይጠራቀማል። 0.05 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት ፒኑ ግርጌውን በሚነካበት ቦታ ቢቀር ፒኑን ወደ ላይ ያነሳውና ያዘነበለው ጎን ወደ ውስጥ 0.03 ያህል ይገፋዋል። ቅንጣቱ በጎኑ በኩል ቢሆን የሚገፋው 0.06 ገደማ ነው። ሁለቱም ንባቡን ያሳንሳሉ። ንባቡ ሲያንስ ቦዩ የጠበበ ይመስላል፤ የጠበበ የመሰለው ሰው ደግሞ ይቆርጣል። ቆሻሻ ሁልጊዜ ወደ ብልሽት የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያው ጥጉን በብሩሽ ጠርጎ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ጠርዝ ለጠርዝ ያብሳል፤ ፒኖቹን ካስገባ በኋላም በጣቱ ጫን ብሎ ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትታቸዋል። ንጹሕ ላይ የተኛ ፒን ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዱቄት ላይ የተኛ ይንቀረቀባል።

የካሊፐሩ አያያዝ በሌላ በኩል ያሳስታል። ጥርሶቹ ፒኖቹን መንካት ያለባቸው በወገባቸው ነው፤ ወገባቸው ከግርጌው 3 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። የጥርሱ ጫፍ ከዚያ 1 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢቆም የፒኑን ክብ ትከሻ ይነካና ንባቡ ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል። ካሊፐሩ አግድም ቢዞርም ንባቡ ይጨምራል። ስለዚህ ጥርሱ እስኪበቃ ከወረደ በኋላ ካሊፐሩ በቀስታ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ ትንሹ ንባብ ይፈለጋል። የክብ ቀዳዳን ዲያሜትር መለካት የለመደ እጅ ትልቁን ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ልማዱን መገልበጥ አለበት። ፒኖቹን የሚይዝ ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ ወደ ውጭ የሚገፋው ጥርስ ራሱ ወደ ጥጋቸው ያስገባቸዋል።

ለ0.05 ሚሊሜትር ልክ ካሊፐር መጨረሻው መሣሪያ አይደለም። መስኮቱ 0.01 ቢያሳይም እውነተኛ ትክክለኛነቱ ከ0.02 እስከ 0.03 ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ የተፈቀደውን ልክ ግማሽ ይበላል። ባለሙያው ወደ ልኩ እስኪቀርብ በካሊፐር ሠርቶ፣ የመጨረሻውን ንባብ በጌጅ ብሎክ አረጋግጧል፦ 41.20 የተደረደረው ብሎክ በፒኖቹ መካከል በትንሽ ግጭት አለፈ፣ 41.22 ግን አልገባም።

ስለ ፒኖቹ ራሳቸው ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ሊጠይቅ ግን ይገባል። የፒኑ ዲያሜትር ስሕተት በ60 ዲግሪ ቦይ 2.73 ጊዜ ተባዝቶ ወደ ወርዱ ይገባል። የቁፋሮ ቢት ጭራን እንደ ፒን ተጠቀሙ የሚለው ምክር ከዚህ የተነሳ አደገኛ ነው፤ 6 ተብሎ የሚሸጥ ቢት ጭራው 5.97 ሆኖ ቢገኝ ወርዱ 0.08 ያህል ሰፍቶ ይሰላል። የተጠናከረ መገጣጠሚያ ፒን ይሻላል፣ እሱም ግን ሆን ተብሎ ከስሙ ትንሽ ይወፍራል፤ በተለመደው ልክ የተሠራ 6 ሚሊሜትር ፒን ከ6.004 እስከ 6.012 ይደርሳል። ይህ ለሚያውቀው ሰው ችግር አይደለም፤ ሁለቱን ፒኖች በማይክሮሜትር ለክቶ የተገኘውን ዲያሜትር በስሌቱ ማስገባት ብቻ ነው የሚፈለገው። በዚህ ወርክሾፕ የተያዙት ከአዲስ ቤሪንግ የወጡ ሮለሮች ናቸው፤ ማይክሮሜትሩ ሁለቱንም 6.000 አንብቧቸዋል። ከተጣለ ቤሪንግ የወጣ ሮለር በአንድ በኩል ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ዙሪያውን ሳይለኩ አይታመንም።

ከሁሉም የሚከብደው ማዕዘኑ ነው። ስሌቱ 60 ዲግሪን እንደ እውነት ይወስዳል፤ መቁረጫው ግን ተስሎ ተስሎ 59.5 ሆኖ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ዲግሪ በዓይን አይታይም፤ ንባቡም ምንም አይናገርም። 59.5 ዲግሪ ሆኖ ተመሳሳይ ንባብ የሰጠ ቦይ ግርጌው ከተሰላው 0.1 ሰፍቶ፣ አፉ ግን 0.13 ጠቦ ይገኛል። ፒኑ ቦዩን የሚያውቀው ጎኑን በነካበት አንድ ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይና በታች ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ግምቱን የሚፈትሽበት መንገድ በዚያው ዘዴ ውስጥ አለ፦ በሌላ ውፍረት መድገም። 10 ሚሊሜትር ፒን ጎኑን የሚነካው 7.5 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከ6 ሚሊሜትሩ በላይ። ማዕዘኑ እውነት 60 ከሆነ የሁለቱ ንባቦች ልዩነት 4 በ2.73205 ተባዝቶ 10.928 ይሆናል። 59.5 ከሆነ 10.999 ይሆናል፤ ጭማሪው 0.07 ስለሆነ ጌጅ ብሎክ በቀላሉ ይለየዋል። ተለማማጁ ይህን እንዲሠራ ታዘዘ። በ10 ሚሊሜትር ፒኖች መካከል 30.28 አገኘ፤ ከ41.21 ሲቀነስ 10.93። መቁረጫው ልክ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ሲወጣ የቦዩ ወርድ ራሱ ከሒሳቡ ስለሚወጣ፣ ይህ ፈተና ቦዩ ገና ሳያልቅም ሊሠራ ይችላል። ከመጀመሪያው ሻካራ ቁርጥ በኋላ ቢሠራ ደግሞ መቁረጫውን ለመለወጥ ጊዜ ይሰጣል።

ፒኖቹ ወደ ሌላው የቦዩ ጫፍ ተወስደው ሲለኩ ንባቡ 41.22 ሆነ። በ120 ሚሊሜትር ርዝመት 0.01 ልዩነት ነው። ይህን ቁጥር መቀየር አያስፈልግም፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ፒኑም ማዕዘኑም አንድ ስለሆኑ፣ የንባቦቹ ልዩነት ያለ ምንም ስሌት የቦዩ መስፋት ነው። ሾጣጣ የማስተካከያ ቁራጭ፣ ጊብ የሚባለው፣ የሚገባበት ቦይ ከሆነ ግን አንዱ ጎን ሆን ተብሎ ዘንበል ስለሚል ወርዱ ከጫፍ ጫፍ ይለያያል፤ እዚያ ንድፉ ወርዱን የሰጠበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚወሰድ ንባብ ትርጉም የለውም።

አንድ ወሰን ዘዴው ራሱ ሊያልፈው አይችልም። ፒኑ የሚነሳው ከግርጌው ነው። ብዙ ተንሸራታች ግን በግርጌው ላይ አይሄድም፤ የላይኛው ፊት ይሸከመዋል፣ ግርጌው ደግሞ እንዳይነካ ዝቅ ተደርጎ ሻካራ ይቀራል። እንደዚህ ባለ ቦይ ግርጌው ሻካራ ስለሆነ ፒኑም በሻካራ ላይ ይተኛል። ወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ንባቡ ሊዋዥቅ ይችላል። እዚያ ግርጌው ቢያንስ ፒኑ በሚተኛባቸው ሁለት መስመሮች ላይ በጥንቃቄ መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ ከላይኛው ፊት ተነስቶ የሚለካ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

ወንዴው፣ በቦዩ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ በነዚያው ፒኖች ይለካል፤ ነገር ግን ፒኖቹ ከውጭ በትከሻው ጥግ ስለሚተኙ ማይክሮሜትሩ ከላያቸው ያነባል፣ ስሌቱም ይገለበጣል፦ ከንባቡ ላይ 16.392 ተቀንሶ የወንዴው ጠባብ ወርድ ይገኛል። ተለማማጁ ወረቀቱን ገልብጦ ይህንኑ ሲጽፍ በመደመር ጀመረ፤ ባለሙያው ጣቱን በምልክቱ ላይ አኖረ። ልጁ አጥፍቶ ቀነሰ፣ ከዚያም የቦዩን ጀርባ ጠርጎ በእስክሪብቶ “41.21፣ ፒን 6.000፣ ጥልቀት 10.03” ብሎ ጻፈበት።